ሰላምታ መንሳት ለምን ያማል?

ሰላም ያልተባለ ሰው ስሞታውን በሁለት ዓይነት መንገድ ያሰማል። ቀለል ሲል «ሰላም አላለኝም» ይላል። ከልቡ ሲቀየም ግን «የእግዜር ሰላምታ ነሳኝ» ይላል። ልዩነቱ «ነሳኝ» የሚለው ቃል ላይ ነው። መንሳት ማለት አለመስጠት ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ነሳኝ፣ ጤና ነሳኝ፣ ፊት ነሳኝ የሚባለው ሰው የራሱ የሆነ ወይም ሊደርሰው የሚገባ ነገር ሲቀርበት ነው። ጎረቤቱ መኪናውን ስላላዋሰው «መኪና ነሳኝ» ብሎ የሚከስ የለም። ሰላምታ ግን ይነሳል። ቋንቋው የሰላምታን መልስ የሚቆጥረው እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ስጦታ አይደለም። «የእግዜር» የሚለውም ነገሩን ያጠብቀዋል፤ ሰላምታው የሁለቱ ሰዎች ንብረት ስላልሆነ የተኳረፈ ሰው እንኳ ሊይዘው አይገባም እንደማለት ነው።

ይህን ቅያሜ የሚያናንቁ አሉ። «አታካብድ፣ አልሰማህም ይሆናል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የአበሻ ኩራት ነው ብለው ያልፉታል። ሁለቱም መልስ ነገሩን አይነካውም። መልስ ያላገኘ ሰላምታ የሚያመው ሰው ስለሚያካብድ አይደለም። ሰላምታ ራሱ የተሠራበት መንገድ ለዝምታ መደበቂያ ስለማይተው ነው። ይህን ለማየት ከሰንጋ ተራ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ሰንጋ ተራ ስሙን የወረሰው ከከብት ገበያ ነው። ዛሬ ግን የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በመስታወት ተሸፍነው የተደረደሩበት ሰፈር ሆኗል። በአቅራቢያው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሁሉም በላይ ቁመቱን ያሳያል፤ የንግድ ሥራ ኮሌጅ ተማሪዎች በዚያው ሲመላለሱ ኖረዋል፤ የ40/60 ቤቶችም እዚያው ተሠርተዋል። የድሮው ሰፈር ሰው አንዱ የሌላውን አያት ስም ሳይቀር ያውቅ ነበር። ባንክ የሚሠራውና ከሌላ ክፍለ ከተማ ዕጣ ደርሶት የገባው ግን ማንንም አያውቅም። በአንድ ሊፍት በቀን ሁለት ጊዜ የሚገናኙ፣ ነገር ግን ተዋውቀው የማያውቁ ሰዎች በዝተዋል። የሰላምታ ቅያሜ የሚፈለፈለውም እዚህ ነው።

ስለ ሰላምታ አሠራር ጥሩ ዕውቀት የተገኘው ሰላምታን አጠናለሁ ብሎ ከተነሳ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሃርቪ ሳክስ የተባለ አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት በሎስ አንጀለስ ራስን ማጥፋት በሚከላከል ማዕከል የሚቀረጹ የስልክ ንግግሮችን ያዳምጥ ነበር። ማዕከሉ አንድ ችግር ነበረበት፤ ከሚደውሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ስማቸውን መናገር አይፈልጉም። ሠራተኛው «ሚስተር ስሚዝ እባላለሁ፣ ምን ልርዳዎ?» ብሎ ሲጀምር ግን ብዙ ጊዜ ደዋዩ ሳይጠየቅ ስሙን ይናገራል። አንዱ ስሙን ካስቀመጠ ሌላው በዚያው ልክ ማስቀመጥ ይሰማዋል።

አንድ ደዋይ ግን ከዚህ አመለጠ። ሠራተኛው ስሙን ሲናገር «አይሰማኝም» አለ። ሠራተኛው ደገመ፤ «ሚስተር ስሚዝ ነኝ።» ደዋዩም «ስሚዝ» አለ። በዚህ መካከል የራሱን ስም የሚናገርበት ተራ አለፈ። ስሙን አልነግርም ብሎ አልተጣላም፤ ግን አልተናገረም። ሳክስ በ1964 የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠው ይህንን ንግግር ይዞ ነበር። «አይሰማኝም» የሚለው መውጫ በር ለሰንጋ ተራም ወደኋላ ላይ ያስፈልጋል።

ሳክስና የሥራ ባልደረባው ኢማኑኤል ሼግሎፍ ከዚህ ተነስተው ጥንድ ብለው የጠሩትን ነገር አወጡ። አንዳንድ ንግግሮች ብቻቸውን አይቆሙም። ጥያቄና መልስ፣ ግብዣና ምላሹ፣ ሰላምታና ሰላምታ ጥንድ ጥንድ ናቸው። የመጀመሪያው በአንዱ ሰው ይነገራል፣ ሁለተኛው በሌላው፤ የመጀመሪያው ሲነገር የሁለተኛው ቦታ ወዲያው ይከፈታል።

አማርኛ ለዚህ ምሳሌ አያጣም። ማስነጠስ ሲሰማ «ይማርህ» ይባላል፣ መልሱ «ያኑርህ» ነው። በዓል ሲሆን «እንኳን አደረሰህ» ለሚል ሰው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይመለሳል። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ተነስቶ «ኖር» ይላል፣ የገባው «በእግዜር» ይላል። ከእነዚህ አንዱን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ተናግሮ ዝም ማለት ሁለተኛውን ግማሽ በጆሮ ያሰማል። ልጅ እንኳ የጎደለውን ይሞላል።

የሼግሎፍ ትልቁ ነጥብ ይህ የጎደለ የሚባለው ነገር ነው። በማንኛውም ቅጽበት ሰው የማይናገራቸው ነገሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም። በሊፍቱ ውስጥ የቆመው ወጣት ስለ ቡና ዋጋ አልተናገረም፣ ስለ ኳስም አልተናገረም። ይህን አለመናገሩን ማንም ልብ አይልም። «እንደምን አደርክ» ከተባለ በኋላ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» አለማለቱ አለመኖር ብቻ ሳይሆን ጎድሎት ይሆናል። ዝምታው ባለቤት ያገኛል። የመጀመሪያው ሰላምታ ከመነገሩ በፊት ዝምታው የሁለቱም ነበር፤ ከተነገረ በኋላ የአንዱ ብቻ ነው።

ሼግሎፍ በ1968 ባሳተመው ጥናት ወደ 500 የሚጠጉ የስልክ ንግግሮች አጀማመር መርምሮ ነበር። በሁሉም ቀድሞ የሚናገረው ስልኩን ያነሳው ነው፤ አንድ ንግግር ብቻ ከዚህ ወጣ። ፖሊስ ወደ ቀይ መስቀል ደወለ፣ ስልኩ ተነሳ፣ ለአንድ ሰከንድ ያህል ዝም ተባለ፤ ከዚያ ደዋዩ ራሱ «ሃሎ» አለ። ሼግሎፍ ያቺን አንዲት ንግግር ችላ አላላትም። የስልኩ ጩኸት ራሱ ጥሪ ነው፣ ያነሳው ሰው «ሃሎ» ደግሞ ለጥሪው መልስ ነው ሲል ደመደመ። መልሱ ሲጠፋ ደዋዩ ጥሪውን በድምፁ ደገመው። መልስ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከመቀየሙ በፊት ይደግማል።

አሁን አንድ የሰንጋ ተራ ጠዋት ይታሰብ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ነጠላ ያጣፉ እናት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሊፍት ይገባሉ። ውስጥ የባንክ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጆሮው ላይ ኤርፎን ያለ ወጣት ቆሟል። «እንደምን አደርክ ልጄ» ይሉታል።

መጀመሪያ ልብ መባል ያለበት «አደርክ» የሚለው ቃል ነው። የአማርኛ ሰላምታ ተቀባዩን ይመርጣል። አደርሽ ቢሉ ለሴት ነው፣ አደራችሁ ቢሉ ለብዙ፣ አደሩ ቢሉ ለሚከበር። ሊፍቱ ውስጥ ሌላ ወንድ ከሌለ «ለእኔ አልመሰለኝም» የሚባል ማምለጫ የለም። ቃሉ ራሱ ጣቱን ቀስሯል። «ሰላም ነው» ቢባል ኖሮ ለማንም ሊሆን ይችል ነበር። «ሰላም ነው» በከተማው እንዲህ የተስፋፋው አንድም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንተ ልበል አንቱ የሚለውን ጭንቀት ያስቀራል፣ መልስ ባይመጣም ጉዳቱን ያቀላል።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በአሥር የተለያዩ ቋንቋዎች ለአዎ ወይም አይደለም ጥያቄ መልስ እስኪመጣ ያለውን ክፍተት ለክተው ነበር። በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆነ። አማርኛ ከአሥሩ አንዱ አልነበረም፤ ቋንቋዎቹ ግን ከናሚቢያ እስከ ጃፓን የተራራቁ ናቸው። ጌል ጄፈርሰን የተባለችው የዘርፉ ሌላ መሥራች ደግሞ በእንግሊዝኛ ጭውውት ውስጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ዝምታ ሲደርስ ሰዎች አንድ ነገር ማድረግ እንደሚጀምሩ አሳይታለች። ስለዚህ እናት የቆዩት ብዙ አይደለም። አንድ ሰከንድ ሲያልፍ ነገሩ ገብቷቸዋል።

ሦስተኛው ድገማው ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን አሳጥረው «አደርክ ወይ?» ይላሉ። ይህ ቁጣ አይደለም። ለወጣቱ ያለመስማት ዕድል መስጠታቸው ነው። አሁን ኤርፎኑን አውጥቶ «ይቅርታ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት አደሩ» ቢል ጉዳዩ ያልቃል። የመጀመሪያው ዝምታ ወደኋላ ተመልሶ ያልተሰማ ይሆናል።

ካላለ ግን አራተኛው ይመጣል፤ ማስረጃ ፍለጋው። ሲገቡ ዓይናቸው ተገጣጥሞ ነበር? የፎቁን ቁጥር ሲጫኑ ዞር ብሎላቸው ነበር? ዓይን ከተገጣጠመ ያለመስማት መውጫው ተዘጋ። «አይቶ እንዳላየ» የሚባለው ፍርድ የሚሰጠው በዚህ ቅጽበት ነው። አምስተኛው ፍርዱን ማስፋት ነው። ለሌላው ጎረቤት «የዘንድሮ ልጅ!» ይላሉ። አምስት ሰከንድ ያልሞላ ዝምታ ስለ አንድ ትውልድ ማስረጃ ሆኖ ወጣ።

እዚህ ላይ አታካብዱ ባዩ ያልመለሰው ጥያቄ አለ። መልስ ያላገኘ ግብዣም አለ፣ መልስ ያላገኘ ጥያቄም አለ። ለምን የሰላምታው ይበልጥ ያማል?

ምክንያቱ ሰላምታ «እምቢ» የሚል መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ቡና እንጠጣ ለተባለ ሰው ሁለት መንገድ አለው። እሺ ማለት ይችላል፣ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ቀን» ማለትም ይችላል። እምቢታው ምክንያት ለብሶ ስለሚመጣ ጋባዡን አይነካም፤ የሚነካው ቡናውን ነው። ለ«እንደምን አደርክ» ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም። «ዛሬ ሰላም ለማለት አይመቸኝም» የሚል ጨዋ መልስ በምድር ላይ አልተፈጠረም። አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ያ ካልመጣ የሚቀሩት ሁለት ትርጉሞች ናቸው፤ አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ ሰውየውን ከሰው አልቆጠረም። የመጀመሪያው ሲወድቅ የቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው።

መልሱ ርካሽ መሆኑም ያባብሰዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት ጤነኛ መሆን፣ ገንዘብ መያዝ ወይም ደስ መሰኘት አያስፈልግም። ሌሊቱን በቁርጠት ያደረ ሰውም ይለዋል። ጥያቄው የሚጠይቀው መረጃ አይደለም። ሃሮልድ ጋርፊንክል የተባለው ሶሲዮሎጂስት ይህን ለማሳየት ተማሪዎቹን ተራ ሰላምታን እንደ እውነተኛ ጥያቄ እንዲይዙ አድርጎ ነበር። አንዱ «እንዴት ነህ?» ሲባል ስለምኑ ነው የምትጠይቀኝ፣ ስለ ጤናዬ ነው፣ ስለ ገንዘቤ ነው፣ ስለ ትምህርቴ ነው እያለ መዘርዘር ጀመረ። ጠያቂው ፊቱ ቀልቶ ተቆጣ፤ ለጨዋነት እንጂ ስለ አንተ ጉዳይ ግድ ኖሮኝ አይደለም አለው። ጋርፊንክል ይህን በ1967 በታተመው መጽሐፉ አስፍሮታል። ሰላምታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አይተኸኛል?» መልሱም «አይቼሃለሁ» ነው። ይህን ያህል ርካሽ ነገር የተከለከለ ሰው ውድ መሆኑ ነው የቀረው ብሎ ራሱን ሊያጽናና አይችልም።

የሃይማኖት ሊቃውንት ይህን ክብደት ከሶሲዮሎጂስቶቹ ብዙ ዘመን ቀድመው አይተውታል። በእስልምና ትምህርት ሰላምታን መጀመር የተወደደ ሥራ ነው፤ መመለስ ግን ግዴታ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው «አሰላሙ ዓለይኩም» ከተባሉም ከመካከላቸው አንዱ ከመለሰ የሌሎቹ ግዴታ ይወርዳል። የመጀመሪያው ግማሽ በፈቃድ ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ግን ዕዳ ነው። አማርኛ «ነሳኝ» በሚለው ቃል ያስቀመጠውም ይህንኑ ነው።

ይህ ማለት ግን ዝም ያለ ሁሉ ይወቀስ ማለት አይደለም። ሁለት ዓይነት ዝምታ ከወቀሳ ነፃ ነው።

አንደኛው በድግግሞሽ የሚመጣው ነው። ኧርቪንግ ጎፍማን እንደጻፈው በአንድ ቀን ደጋግመው የሚገናኙ ሰዎች ሰላምታቸው እያነሰ ይሄዳል። በአንድ ባንክ ፎቅ ላይ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ጠዋት ይጨባበጣሉ፣ ረፋድ ላይ በራስ ነቅነቅ ይላሉ፣ ከምሳ በኋላ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። በሦስተኛው ጊዜ ሙሉ ሰላምታ የጠበቀ ሰው የጠበቀው ያልተከፈተ ቦታ ነው። ምልክቱም ቀላል ነው፤ የጠዋቱ ሰላምታ ተመልሶ ከነበረ የከሰዓቱ ዝምታ ኩርፊያ አይደለም።

ሁለተኛው በሰላምታ ስም የሚመጣ ጥሪ ነው። ከሰንጋ ተራ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ እግረኛ በመንገዱ ላይ «ወንድሜ፣ ሰላም ነው?» የሚሉ ሰዎች ያገኙታል፤ አንዱ የሚሸጥ ይዟል፣ ሌላው አካውንት ሊያስከፍት ነው፣ ሌላው የመሳፈሪያ አጥቷል። እነዚህ ሰላምታ አይደሉም። ሰላምታ በመልሱ ያልቃል፤ ሁለቱ ሰዎች ተያይተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ጥሪ ግን እንደ ስልኩ ጩኸት ነው፣ መልሱ ሲመጣ ገና ነገር ይጀመራል። በቴሌግራም «ሰላም» ብቻ ተልኮ ከኋላው ምንም የማይከተልበት መልእክትም ከዚሁ ወገን ነው። ተቀባዩ የሚፈራው ሰላምታውን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ ብድር ይሆን? ስለዚህ አይቶ ይተወዋል። ላኪው በዚህ ከመቀየም ጉዳዩን ከሰላምታው ጋር በአንድ መልእክት ቢጽፍ ይሻለዋል።

የከተማው ሰው ችግር እነዚህን ሁለቱን ማደባለቁ ነው። መንገድ ላይ ከጥሪ ለማምለጥ የለመደውን ዝምታ ይዞ ሊፍት ይገባል። ኤርፎኑም ያግዘዋል። የሎስ አንጀለሱ ደዋይ «አይሰማኝም» ለማለት አፉን መክፈት ነበረበት፤ ኤርፎን ያደረገ ሰው ሳይጠየቅ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ለሁሉም «አይሰማኝም» እያለ ይሄዳል። ይህ በር ግን አንድ ዋጋ አለው። አለመስማት ሰበብ የሚሆነው ዓይን ካላየ ነው። ጆሮውን የዘጋ ሰው በዓይኑና በራሱ የመመለስ ዕዳው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ራስ ነቅነቅ ማድረግ ሙዚቃውን አያቋርጥም።

ከሁሉም በላይ መነሳት ያለበት ግን ሊፍት ውስጥ ያሉት እናት ጉዳይ አይደለም። እሳቸው መሣሪያ አላቸው። መድገም ይችላሉ፣ «አንተ ልጅ፣ አትሰማም?» ማለት ይችላሉ፣ ለጎረቤት መናገር ይችላሉ። ዕድሜያቸው የጎደለውን መልስ እንዲያስመልሱ መብት ሰጥቷቸዋል።

በባንኩ በር ላይ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ይህ የለውም። ሰው ይፈትሻል። ፍተሻ ማለት የማያውቁትን ሰው አካል በእጅ መንካት ነው፤ ያን ለሁለቱም የሚያቀልለው ሰላምታው ነው። «እንደምን አደሩ» ይላል፣ እጁን ይዘረጋል። የሚገባው ሰው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እጆቹን ከፍ ያደርጋል፣ ይፈተሻል፣ ያልፋል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት፣ እጁን ማንሳቱ የሚያሳየው ጥበቃውን እንዳየው ነው። ለፍተሻው መልስ ሰጥቷል፣ ለሰላምታው ግን አልሰጠም። የታዘዘውን ሰምቶ ሰውየውን ዘለለው። አለመስማት የሚባለው ሰበብ እዚህ ቦታ የለውም።

ጥበቃው ደግሞ መድገም አይችልም። ለባለጉዳይ «እንደምን አደሩ ብያለሁ እኮ» ቢል ስድብ ይሆንበታል፣ አለቃ ጋ ያስከስሰዋል። ሊስትሮው፣ ፎቅ የምታጸዳው ሴት፣ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪው እንደዚሁ ናቸው። መልስ ሲጎድል የማስመለስ መብት ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም፤ ብዙ ሰላምታ እንዲሰጡ የሚጠበቅባቸው ሰዎች ያነሰውን የማስመለስ መብት ይዘዋል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ጥበቃው የሚያደርገው አንድ ነገር ይቀራል፤ ሰላምታውን ይተዋል። ያኔ ባለጉዳዩ «የዚህ ባንክ ጥበቃዎች ፊታቸው አይፈታም» ብሎ ያማል። ሰላምታውን ማን ቀድሞ እንዳቆመው ግን አያስታውስም።

ስለዚህ ቅያሜን ለመቀነስ የሚረዳው «አታካብድ» ማለት አይደለም። ሰላም ያለው ሰው አንድ ጊዜ ይድገም፤ ብዙ ኩርፊያ እዚያ ላይ ይቀራል። መድገም የማይችል ሰው ሰላም ሲል ግን ዕዳው በሙሉ በሰሚው ላይ ነው። ከፍተሻው በፊት፣ እጅ ከመነሳቱ በፊት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት አደሩ» ለማለት የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ነው። ጥበቃው የቀረውን ቀን ሰላም የሚለው በእነዚህ ሁለት ሰከንዶች ነው።